ከማዕድ የቀረ ሰው ከምን ይቀራል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለው ገጠር ለአገልግሎት ስንዘዋወር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ጥያቄ አቀረበችልን። ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። እርሷም ብትሆን «አባ፣ ይህን ይዤ መምጣቴ ያሳፍረኛል» በማለት ነበር የጀመረችው። እኛም በዚያች ዕለት የሰጠናት መልስ በቂ አልነበረም፤ «ልጄ፣ ይህን ያህል አያሳዝንሽ» ብለን አሰናበትናት። ጥያቄው ግን ከእኛ አልተለየም። በቁምስናችን የሚያገለግሉ ካቴኪስቶች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞችም በልዩ ልዩ መልክ ደጋግመው ስላነሡልን ዛሬ በእነዚህ ገጾች ልንመለስበት ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በሀገራችን ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ ሴቶች ሠራተኞች ተመድበዋል። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ። በኬላው ያለችው ሠራተኛ የምትውለው ከባልደረቦቿ ጋር ሳይሆን ከቀበሌው ሕዝብ ጋር ነው። ከጤና ጣቢያው ባልደረቦቿ ጋር በሙሉ የምትገናኘው በወር አንድ ጊዜ፣ ሪፖርቷን ይዛ ለግምገማ ስትመጣ ብቻ ነው። ይህች እህታችን ከቀበሌዋ እስከ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለባት። ግምገማው ጠዋት በሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ባልደረቦቿ ተያይዘው ወደ ከተማው ሥጋ ቤት ይሄዳሉ። መዋጮ አውጥተው ጥብስ ያዝዛሉ፤ ቢራም ይከተላል፤ እስከ ምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይጫወታሉ። እርሷ በዐሥር ሰዓት ከተነሣች ቤቷ የምትደርሰው በዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የአራት ዓመት ልጇን ለጎረቤት ትታ መጥታለች። ደግሞም፣ ይህንም አልሸሸገችንም፣ መንገዱና ልጁ ባይኖሩ እንኳ የመጠጥ ቤት ጨዋታ አትወድም።

በዓመቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው ሣቅ ነው። በግምገማ መካከል አንዱ «ሦስተኛው በሬ» ሲል ሁሉም ይስቃሉ። እርሷ ምን ማለት እንደ ሆነ ብትጠይቅ በሥጋ ቤት የተነገረውን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩላት። ተረኩ ሲያልቅ ግን አላሳቀም፤ ሰዎቹም «በቦታው ብትኖሪ ነበር» አሏት። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። የአንድ ባልደረባቸው አባት ዐረፉ። ለልቅሶ የሚያደርስ መኪና ለመከራየት በዚያው በማዕዱ ላይ ተነጋግረው በቅዳሜው ሄዱ። እርሷ መርዶውን የሰማችው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። ባልደረባዋም «ሁሉም ሲመጡ አንቺ ቀረሽብኝ» ብሎ አዘነባት። ሦስተኛው በባሕር ዳር የሚሰጥ የአምስት ቀን ሥልጠና ነው፤ አበልም አለው። የሚሄዱት ሰዎች ስም በቀጣዩ ወር ግምገማ ላይ ሲነበብ ጉዳዩ ቀድሞ ያለቀ መሆኑን ተረዳች። ምክንያቱን ብትጠይቅ «በጨዋታ ላይ ተነሥቶ ተባብለን ነው፤ አንቺ አልነበርሽም» ተባለች።

«አባ» አለችን፣ «ማንም አልገፋኝም። በየወሩ ይጠሩኛል እኮ። የምቀረው እኔው ነኝ። ታዲያ እንደ ተባረረ ሰው የሚሰማኝ ለምንድን ነው?»

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ያልተባረረ ሰው እንደ ተባረረ ቢሰማው ስሜቱ ስሕተት ነውን? ወይስ ልናየው ያልቻልነው አንድ እውነት ይዟል?

በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የሥነ ምግባር ትምህርት የተማረ ሰው በመጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ይህ ቅናት ይሆንን?» የሚል ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ቅናትን የሚተነትነው በሌላው ሰው መልካም ነገር ማዘን በማለት ነው። ይህች እህታችን ግን ባልደረቦቿ ስለ ተደሰቱ አላዘነችም፤ ደስታቸው እንዲቀርም አልተመኘችም። ያዘነችው ሌሎች ስላገኙት ሳይሆን እርሷ ስላጣችው ነው። ስለዚህ የቅናትን ተግሣጽ ለእርሷ መስጠት ለራስ ሕመም ለታመመ ሰው የሆድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። እኛም በመጀመሪያው ቀን «አያሳዝንሽ» ስንላት ከዚህ ያልራቀ ስሕተት ፈጽመናል፤ ምንም እንዳላጣች አድርገን ተናግረናልና።

እርግጥ አጥታለች። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በስምንተኛው ክፍል ስለ ወዳጅነት ሲያስተምር፣ ሰዎች ብዙ ጨው አብረው ሳይበሉ እንደማይተዋወቁ የሚናገረውን የዘመኑን ብሂል ያስታውሳል። ጨው በአንድ ማዕድ የሚበላው በቁንጥር ነው። ስለዚህ ብሂሉ የሚናገረው ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ጊዜው ብዛት ነው። መዋደድ በውሳኔ አይመጣም፤ በማይረባ በሚመስል ወሬ፣ በተደጋገመ ቀልድ፣ በአንድ ላይ በባከነ ሰዓት ቀስ በቀስ ይከማቻል። ከዚያ ሰዓት የጎደለ ሰው ምክንያቱ የቱንም ያህል በቂ ቢሆን ያ ነገር ይጎድልበታል። ምክንያት ወቀሳን ያስቀራል እንጂ ጉድለትን አይሞላም። ሐዋርያው ቶማስ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ በተገለጠበት ምሽት ከእነርሱ ጋር አልነበረም። የት እንደ ነበረ ወንጌላዊው አልጻፈልንም፤ በመቅረቱም ሲወቀስ አናነብም። ባልንጀሮቹ ያዩትን ነገሩት። ቢነገረውም ግን በዚያ እንደ ነበረ ሰው ሊሆን አልቻለም። እኛ ብዙ ጊዜ ስለ እምነቱ መጉደል ብቻ እንሰብካለን፤ ዐሥሩ የጋራ ነገር ሲኖራቸው ብቻውን ለስምንት ቀን በመካከላቸው የተቀመጠ ሰው ምን እንደ ተሰማው ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ይሁን እንጂ የእህታችንን ሦስት ነገሮች እንደገና ብንመለከታቸው አንድ ዐይነት ሆነው አናገኛቸውም። ሣቁን እንውሰድ። ባልደረቦቿ አብረው ለመሣቅ ከእርሷ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ወዳጅነት በነጻ የሚሰጥ ስለ ሆነ በሕግ አይጠየቅም፤ በግድ የተሰጠ እንደ ሆነ ደግሞ ስሙም ይለወጣል። በዚህ በኩል የደረሰባት እውነተኛ ሐዘን ነው፤ በደል ግን አይደለም። ሥልጠናውን ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል። ሥልጠናው የጨዋታው አካል አልነበረም፤ ለሥራው የመጣ የሁሉም ድርሻ ነው። በጥብሱ መዋጮ አልተገዛም። በማዕዱ ላይ መከፋፈሉ ግን ጥብስ ያልበላ እንዳያገኘው አደረገ። ይህ በደል ነው፤ የበደሉትም ሰዎች እንደ በደሉ ሳያውቁ፣ በፍጹም ቅን ልቡና ሊሆን ይችላል። ልቅሶው ከሁለቱ መካከል ይገኛል። በእኛ አገር ልቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልገንም። የባልደረባን መርዶ መስማት በሥራ ቤት ላሉ ሁሉ የሚገባ ነው። ነገር ግን ማንም የመንገር ኃላፊነት አልተሰጠውም ነበር። ሁሉም ሌላው የነገራት መሰለው።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት ነገር ይታደላል ማለት ነው፤ አንዱ የማዕዱ ሰዎች የራሳቸው የሆነው ደስታ ነው፤ ሌላው ማዕዱ ሳይኖርም የሁሉም የሆነው ወሬ፣ ተራና ውሳኔ ነው። የቀረ ሰው የመጀመሪያውን ቢያጣ ያዝናል፤ ሁለተኛውን ቢያጣ ይበደላል። ሁለቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቤት ስለሚታደሉ ግን ስሜቱ ተደባልቆ ይመጣል። ሰውዬውም ቅር ያለው ምን እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ያቅተዋል። ለይቶ ስላልተናገረም «ምነው፣ ጠርተንህ አልነበረምን?» የሚለው ቃል ብቻ አፉን ያዘጋዋል። መጥራት ለደስታው በቂ ነው። ለውሳኔው ግን በቂ አይደለም፤ ሊመጣ እንደማይችል እያወቁ ሰውን ወደ ማይመጣበት ቦታ መጥራት ከውሳኔው አላካፈለውምና።

ሁለተኛው ነገር በማዕድ እየታደለ መሆኑ በምን ይታወቃል? የመሥሪያ ቤት ሰዎችን ጠይቀን ከሰማነው በመነሣት ዋናው ምልክት ቃለ ጉባኤው ነው። በስብሰባ ላይ ክርክር ሳይኖር፣ ሌላ አማራጭ ሳይነሣ፣ ሐሳቡ ቀርቦ በአንድ ደቂቃ «በሙሉ ድምፅ» የሚጻፍ ከሆነ ስብሰባው የተደረገው በሌላ ቦታ ነው። «ተባብለናል» የሚለው ቃልም ሌላ ምልክት ነው። እነማን ተባባሉ? መቼ? ተብሎ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ የአንድ ጠረጴዛ ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። በአንጻሩ ደግሞ በማዕዱ ላይ ተነሥቶ የነበረ ሐሳብ በስብሰባ ሲቀርብ የሚቃወም ሰው ካገኘና ከተለወጠ፣ ማዕዱ ማዕድ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ችግር ትናንት የመጣ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ ዐሥራ አንድ የሚገሥጸው ነገር ከዚህ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በቆሮንቶስ ምእመናን የሚሰበሰቡት በባለጸጎች ቤት ነበር። በዚያ ዘመን የአንድ ደኅና ቤት መመገቢያ ክፍል በሦስት መደብ ዘጠኝ ያህል ሰው በጋደም ብሎ የሚያስተናግድ ነበር። የቀሩት በግቢው ውስጥ እንደሚቀመጡ ሊቃውንት ይገምታሉ። ጊዜው የእርሱ የሆነ ሰው ቀድሞ ይመጣል፤ ባሪያና የቀን ሠራተኛ ግን የሚመጣው ጌታው ወይም አሠሪው ሲለቀው ነው። ሲደርስ ምግቡ አልቋል፤ ከቀደሙት አንዳንዶቹም ሰክረዋል። ዘግይቶ የመጣውን ማንም አልከለከለውም፤ በሩም ክፍት ነበር። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ይህን ተራ የሰዓት ጉዳይ አድርጎ አላለፈውም፤ የሌላቸውን ማሳፈር ብሎ ጠራው። የሰጠው መፍትሔ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። ግብዣን አልከለከለም፤ የራሱን እራት መብላት የሚወድ በቤቱ እንዲበላ፣ የሁሉም በሆነው ማዕድ ግን አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አዘዘ። የግሉን ከጋራው ለየ ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለማይችል ሰው ነው። ሊመጣ ስለማይወድስ ምን እንላለን? ጉዳዩ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ እህታችንም ብትሆን ከሁለቱም ወገን ነበረች። ያልቻለ ሰው ማዘኑን ሁሉም ይረዳል። ያልወደደውን ግን «ራስህ መርጠህ ምን ታማርራለህ?» ይሉታል። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ደስታውን በፈቃዱ ትቷልና ደስታው ስለ ቀረበት ሌላውን ሊወቅስ አይገባውም። የሥራውን ድርሻ ግን በፈቃዱ አልተወም። ቢራ አለመጠጣት ከሥልጠና ተራ የሚያስወጣበት ምክንያት የለም። ከዚህም በላይ «ካልጠጣህ ከእኛ አይደለህም» የሚል ማኅበር አንድን ሰው ሁለት ነገር አብሮ ይጠይቀዋል፤ እንዲወዳቸውም፣ እነርሱን እንዲመስልም። የመጀመሪያውን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሁለተኛውን አይችሉም።

ይሁን እንጂ በማይወደው ሰው ላይም የሚወድቅ ግዴታ አለ። ቅዱስ ቶማስ ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ብዙዎች ከአንድ መነኩሴ የማይጠብቁትን ያስተምራል። ለሌሎች ምንም ደስታ የማይሰጥና የእነርሱንም ደስታ የሚከብድበት ሰው ከልቡና ሥርዓት ወጥቷል ይላል። ይህ ትምህርት እኛን ራሳችንን ይነካናል። በክህነታችን መጀመሪያ ዓመታት ከካህናት ስብሰባ በኋላ ወንድሞቻችን ሲጫወቱ እኛ «የምናነበው አለን» እያልን ወደ ክፍላችን እንገባ ነበር። የምናነበው ነበረን፤ ይህ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ፊታችን «እናንተስ የምታነቡት የላችሁምን?» ይል እንደ ነበር አንድ ሽማግሌ አባት ከዓመታት በኋላ ነገሩን። ከዚያ በኋላ ወሬ የሚነግረን ሰው ስናጣ ተበደልን ብለን አዝነን ነበር። ያጣነው በመቅረታችን ሳይሆን በአቀራረታችን ነው። «አልችልም፤ ሐሙስ ግን ሻይ እንጠጣ» ብሎ የሚሄድና አፍንጫውን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ሁለቱም ቀርተዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ግን አንድ ዐይነት አቀባበል አያገኙም።

እንደዚሁም የማይመጣ ሰው የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ እውነተኛው ምክንያት አለመሆኑን በራሳችን ጥፋት ተምረናል። በአንድ ወቅት ካቴኪስቶቻችንን ሰብስበን ወደ ጣና ሐይቅ የአንድ ቀን ጉዞ አዘጋጀን። ለመኪናና ለምሳ ከየአንዳንዱ መዋጮ ጠየቅን። ሁለቱ «የማሳ ሥራ አለብን» ብለው ቀሩ። በመንገዱ ላይ ደስ ብሎን ስለ ቀጣዩ ዓመት የትምህርት ድልድል እንኳ ተነጋገርን፤ ማን የት ቀበሌ እንደሚያስተምር በጀልባ ላይ ተስማማን። ከሁለቱ አንዱ ከቤቱ ሦስት ሰዓት ወደሚርቅ ቦታ ተመደበ፤ ዝም ብሎም ተቀበለ። መዋጮውን የሚከፍልበት እንዳልነበረው የሰማነው ከጎረቤቱ ነው። እኛ ድልድሉን ስንሠራ ማንንም ለመጉዳት አላሰብንም። ከእኛ ጋር ያሉትን ፊት እያየን ነበር የምንደለድለው፤ በፊታችን ላለ ሰው ሩቁን ቦታ መስጠት ያስቸግራልና ሩቁ ቦታ በዚያ ለሌለው ተረፈ። በደሉ የተፈጸመው በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው።

በዚህ ረገድ የአገራችን ገበሬ ከእኛ ከተማርነው ይልቅ ብልኅ ሆኖ እናገኘዋለን። ከቆጋ ወንዝ አገር እስከ ቡሬ በደቦ ጤፍ ሲታረም ወይም ሲታጨድ እንጀራውና ጠላው የሚቀርበው በዚያው በሥራው ቦታ፣ በዚያው በሥራው ቀን ነው። ሥራው የሰበሰበውን ሰው ማዕዱ አይለየውም። በወንፈልም አንዱ ለሌላው የዋለለት ቀን ይቆጠራል፤ የታመመ ወይም መንገድ የወጣ ሰው ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል። ጨዋታ አላበዛም ተብሎ ቀኑ አይሰረዝበትም። በጽዋ ማኅበርም በብዙ ቦታ ታሞ የቀረ አባል ከዳቦውና ከጠላው ድርሻው በቤቱ ይላክለታል። በላከለት ሰው አፍ ደግሞ ወሬው አብሮ ይደርሰዋል። ደመወዝተኞች የሆንነው ግን ሥራውን በቢሮ፣ ማዕዱን በሥጋ ቤት አድርገን ለያየናቸው። ሁለቱ በመለያየታቸው የተነሣ ወደ አንዱ መምጣት የሚችል ሁሉ ወደ ሌላው መምጣት አይችልም።

የማዕዱ ዐይነትና ቀን ማን እንደሚቀር አስቀድሞ ይወስናል። በከተሞቻችን የክርስቲያን ሥጋ ቤት በመስቀል፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት በጨረቃ ምልክት ይታወቃል፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። በዚያ ጤና ጣቢያ አንድ ሙስሊም የመድኃኒት ባለሙያ ነበረ። እርሱ በየወሩ አብሯቸው ይሄድና ለስላሳ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ይህም ሌላ ዐይነት መቅረት ነው፤ ሰውዬው በማዕዱ ላይ አለ፣ ማዕዱ ግን የእርሱ አይደለም። ግምገማው ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ በዋለ ጊዜ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ኀምሳ አምስት ቀናት፣ ሥጋ ቤቱ ይቀርና የጾም በያይነቱ ይታዘዛል። ያን ጊዜ የመድኃኒት ባለሙያው ከሁሉም ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር። የክርስቲያኖች ጾም ሙስሊሙን ወደ ገበታው ማምጣቱን ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ እኛ ግን ስንሰማው ፈገግ አልን።

ወደ እህታችን እንመለስ። በሁለተኛው ጊዜ ስትመጣ ከላይ ያልነውን መለየት ነገርናት። «ለምን አልሆንኩበትም?» ብለሽ ብትጠይቂ ማንም ሊመልስልሽ አይችልም፤ የሥልጠናው ስም በግምገማው ላይ ይውጣ ብለሽ ብትጠይቂ ግን ማንም ሊከለክልሽ አይችልም አልናት። እርሷም ኃላፊውን ለብቻው አግኝታ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችው። ስለ ሥጋ ቤቱ ምንም አላነሣችም። የሥልጠና ጥሪ ሲመጣ ወረቀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍና ማን መቼ እንደ ሄደ በተራ እንዲጻፍ፣ መርዶም ሲኖር ለየኬላው ስልክ የሚደውል አንድ ሰው እንዲመረጥ ጠየቀች። ኃላፊው እንደ ክስ አላየውም፤ ይልቁንም «ይህን ያህል ጊዜ ሳንናገር ቆየን?» አላት። ክስ ይዛ ብትሄድ ኖሮ እንዲህ ይላት እንደ ነበር አናውቅም።

ሦስተኛው ለውጥ የመጣው እርሷ ሳትጠይቅ ነው። ከሩቅ ኬላ በእግር የሚመጡት እስኪደርሱ ቀድመው የመጡት ሥራ ፈትተው ይቀመጡ ነበርና፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ በዚያ ሰዓት ቡና ማፍላት ጀመረች። ከመዋጮውም ጥቂት ተቀንሶ ለቡናና ለቆሎ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሥጋ ቤት የሚወዱት «ይህ የሴቶች ነገር ነው» ብለው ቀልደው ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቡናውን ሲያዘገዩ የሚቈጡት እነርሱ ሆኑ። የሥጋ ቤቱ ጉዞ አልቀረም። እንዲቀርም አልጠየቅንም፤ ደክመው የዋሉ ሰዎች ማምሻውን ቢደሰቱ የሚነቀፍ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ግጭት ከተስፋፋ በኋላ ግን ማምሸት ለማንም የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀረና የጠዋቱ ቡና ብቻ ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ አግኝተናታል። የሥልጠና ተራዋ ደርሶ ሄዳ ተመልሳለች። ያ አባቱ የሞተበት ባልደረባዋም ዘግይታም ቢሆን ቤቱ ድረስ ሄዳ ስላለቀሰችለት ታርቋታል። «ሦስተኛው በሬስ?» ብለን ጠየቅናት። «እርሱማ አሁንም አያስቀኝም» አለችና ሪፖርቷን በፌስታል ጠቅልላ መንገዷን ቀጠለች።